ትልቁን ተፎካካሪ በፊቸር አትከተሉት፤ ለመድኃኒት ቤት ብቻ ሽጡ

ጥያቄ፦ «አራት ሆነን የሱቅ ሽያጭና ስቶክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠርተን አዲስ አበባ ውስጥ እንሸጣለን። 46 ደንበኞች አሉን። ሚኒ ማርኬት፣ ቡቲክ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ፤ 11ዱ ደግሞ መድኃኒት ቤቶች ናቸው። በዓመት 18,000 ብር እናስከፍላለን፤ የዓመት ወጪያችን 2.7 ሚሊዮን ብር ነው። አንድ ትልቅ ተፎካካሪ አለብን። ፔይሮል፣ ሙሉ ሒሳብ አያያዝ፣ የቅርንጫፍ ቁጥጥር፣ የስልክ አፕ፣ ሁሉም አለው። ደንበኛ ሁሉ ‹እነሱ ጋ ይሄ አለ፣ እናንተስ?› ይለናል። በአንድ ዓመት የጎደለንን ሠርተን እንድረስባቸው ወይስ ዋጋ እንቀንስ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ፊቸር በማሟላት አትደርሱባቸውም። ዋጋ መቀነስ ደግሞ እናንተን እንጂ እነሱን አይጎዳም። ከ46ቱ ደንበኞቻችሁ 11ዱን ያዙና ሥራችሁን በእነሱ ዙሪያ አዙሩት።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት ላርም። ደንበኛው «እናንተስ?» የሚለው ያ ፊቸር ስለሚያስፈልገው ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለት ሰዎች መጥተው ሁለቱም «ለማንኛውም ንግድ የሚሆን የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር» ይሉታል። በምን ይለያቸው? ፕሮግራም አይጽፍ፣ ውስጡን አያይ። ስለዚህ የቀረውን መንገድ ይይዛል፤ ይቆጥራል። አንዱ ጋ 30 ነገር አለ፣ ሌላው ጋ 12። ሠላሳው ይሻላል ይላል። ማወዳደሪያውን ያቀበላችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ «ለማንኛውም ንግድ» ያላችሁ ዕለት። ፔይሮሉን ብትጨምሩት እንኳ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚጠየቀው የስልክ አፕ ነው።

መድረስ የማይቻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ፊቸር አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። ፔይሮልን ውሰዱ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም ተቀየሩ። ያኔ ፔይሮል የሚሸጥ ሁሉ ስሌቱን ማስተካከል፣ መፈተሽና ለእያንዳንዱ ደንበኛ ማድረስ ነበረበት። አንድ ስህተት ቢኖር የሠራተኛ ደሞዝ ተሳስቶ ይወጣል፤ ስልኩም የሚጮኸው እናንተ ጋ ነው። ብዙ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ የአንድ ክፍል ሥራ ነው። ለአራት ሰው ግን ሌላውን ሁሉ የሚያስቆም ሥራ ነው። እናንተ እዚያ ላይ ስትለፉ ተፎካካሪያችሁ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም።

ዋጋውንም በቁጥር እንየው። 46 ደንበኛ በ18,000 ብር ሲባዛ 828,000 ብር ነው። ከወጪያችሁ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ዋጋውን ወደ 12,000 ብታወርዱት ወጪያችሁን ለመሸፈን 225 ደንበኛ ያስፈልጋችኋል። ርካሽ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ደግሞ ከእናንተ የሚረክስ ሲያገኝ ይሄዳል። ትልቁ ተፎካካሪም ለስድስት ወር ዋጋ ዝቅ ቢያደርግ ይችለዋል። እናንተ አትችሉትም።

የቀረው መንገድ ታዳሚን ማጥበብ ነው። እዚህ ላይም ብዙ ሰው ይስታል። «እኛ ለአነስተኛና መካከለኛ ነጋዴዎች ነን» ማለት ማጥበብ አይደለም። ቡቲኩና የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ሁለቱም አነስተኛ ናቸው፤ ቀናቸው ግን አይመሳሰልም። የተጠበበ ታዳሚ ማለት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ተመሳሳይ ነገር የሚያስጨንቀው፣ ከተመሳሳይ አከፋፋይ የሚገዛ፣ እርስ በርሱ የሚተዋወቅና አንዱ የሚለውን ሌላው የሚሰማ ነው። ከእናንተ ደንበኞች ውስጥ ይህን የሚያሟሉት መድኃኒት ቤቶቹ ናቸው። 11 መድረሳቸውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነገ ደውሉና እንዴት እንዳገኟችሁ ጠይቋቸው። ግማሾቹ «እገሌ ነግሮኝ» ካሉ ምርጫው ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ማለትም መድኃኒት ቤትን ከሌላ ሱቅ ምን ይለየዋል? እያንዳንዱ ዕቃ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው። ያ ቀን ደግሞ የዕቃው ሳይሆን የባቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ የተመረተው ክምችት ነው። አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም መደርደሪያው ላይ 40 ስትሪፕ አለ እንበል። 15ቱ ከአንድ ባች የመጡ ናቸው፤ በነሐሴ አካባቢ ያበቃሉ። 25ቱ ከሌላ ባች ናቸው፤ ገና አንድ ዓመት ከግማሽ አላቸው። ለሚኒ ማርኬት የተሠራ ሶፍትዌር «አሞክሳሲሊን፣ 40» ብሎ ያልፋል። ፋርማሲስቱ ማወቅ የሚፈልገው ግን 15ቱን ነው። ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ መውጣት አለበት። ካልወጣ ይበላሻል፤ ተበላሽቶም በቀላሉ አይጣልም፣ ለብቻው ተለይቶ፣ ተመዝግቦ በሥርዓቱ ነው የሚወገደው። አንዳንድ አከፋፋይ ጊዜው ሳያልፍ ከተነገረው ይቀይራል። ይህን ዕድል ለመጠቀም ግን ፋርማሲስቱ ከወራት በፊት ማወቅ አለበት።

ከዚያ የመለኪያው ጉዳይ ይመጣል። የሚገዛው በፓኬት ነው። የሚሸጠው በስትሪፕ፣ አንዳንዴም በፍሬ ነው። አንድ ፓኬት 10 ስትሪፕ፣ አንዱ ስትሪፕ 10 ካፕሱል ከሆነ፣ በሐኪም ማዘዣ 21 ካፕሱል የታዘዘለት ሰው ሁለት ስትሪፕና አንድ ፍሬ ይወስዳል። ሶፍትዌሩ ይህን ቆርጦ ካልቀነሰ በወሩ መጨረሻ ቆጠራው አይገጥምም። የጠፋው ዕቃ ነው ወይስ ስሌቱ? ማንም አያውቅም። ባለቤቱ ሠራተኛውን ይጠረጥራል። ባለ መድኃኒት ቤቶች ስለ ስቶክ ልዩነት ሲያወሩ ድምፃቸው የሚቀየረው ለዚህ ነው።

ትንሽ የሚመስል ግን ቀላል ያልሆነ ሌላ ነገር አለ። ፓኬቱ ላይ የታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ብዙ ጊዜም ወርና ዓመት ብቻ ነው ያለው። 08/2026 ከተባለ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ድረስ ነው የሚታሰበው። የሱቁ ሒሳብ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ሳያምታታ የሚያሳይ ስክሪን ለፋርማሲስቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ባች ቁጥር በትክክል ከተያዘ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ ባች ከገበያ ይሰብሰብ ብሎ ሲያስታውቅ «እኔ ጋ አለ ወይ? ስንቱን ሸጫለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በደቂቃ ይገኛል። በደብተር ከሆነ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ታዲያ ትልቁ ይህን አይጨምረውም?» ትሉኝ ይሆናል። ይችላል። ግን ዋጋ ያስከፍለዋል። የእሱ ሶፍትዌር የተሠራው አንድ ዕቃ አንድ ብዛት አለው በሚል መሠረት ከሆነ፣ ባች መጨመር ማለት መሠረቱን መንካት ነው። ግዢው፣ ሽያጩ፣ ተመላሹ፣ ቆጠራው፣ ሪፖርቱ ሁሉ ይቀየራል። ከዚያ ሲሸጥ ባች መምረጥ የሚባል ተጨማሪ ደረጃ ይመጣል። ሰልፍ ያለበት የሚኒ ማርኬት ካሸር ያንን አይፈልግም። ስለዚህ መድኃኒት ቤቱን ሲያስደስት ሌላውን ደንበኛ ያስቀይማል። እናንተ ልትቆሙ የሚገባው በትክክል እዚህ ነው፤ እሱ ሌሎች ደንበኞቹን ሳያስከፋ ሊመጣበት በማይችለው ቦታ። ተፎካካሪያችሁ ገና ያልደረሰበት ነገር ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቦታ አይደለም። የስልክ አፕ ባይኖረው ነገ ይሠራዋል።

ይህ መንገድ የተሞከረ ነው። ናታን ባሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮንቨርትኪት የተባለ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ጀመረ። ከፊቱ ሜይልቺምፕን የመሰለ ግዙፍ ተፎካካሪ ነበረው። እስከ 2014 ድረስ አልሄደለትም፤ የወር ገቢው ወደ 1,300 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር። ከዚያ ለሁሉም መሸጡን ተወና ከብሎግ ለሚኖሩ ጸሐፊዎች ብቻ ነው አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚያሳምም አንድ ነገር ነበር። ሜይልቺምፕ በዝርዝር ነበር የሚሠራው። አንድ አንባቢ በሦስት ዝርዝር ውስጥ ካለ ሦስት ጊዜ ይቆጠርና ይከፈልበታል። ኮንቨርትኪት አንድን ሰው አንድ ጊዜ ቆጥሮ መለያ ይለጥፍበታል። ሜይልቺምፕ ይህን ለመቀየር መሠረቱን መንካት ነበረበት። በ2015 መጨረሻ የኮንቨርትኪት የወር ገቢ 100,000 ዶላር ተጠጋ።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ክፍል አለ፤ ለእናንተ ግን እሱ ነው የሚጠቅማችሁ። ናታን ባሪ ለብሎገሮቹ አንድ በአንድ ሲጽፍላቸው ብዙዎቹ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን መቀየሩ አድካሚ ነው» አሉት። እሱም በነፃ እኛ እናዛውራችኋለን አለ። በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ ዝርዝሩን፣ ፎርሙን፣ ሁሉንም። መድኃኒት ቤትም ውስጥ የሚጠብቃችሁ ይኸው ነው። ባለቤቱ ይወደዋል። ከዚያ መደርደሪያውን ዞር ብሎ ያየዋል። ይህን ሁሉ ዕቃ ከነባቹ፣ ከነማብቂያ ቀኑ ማን ያስገባል? እዚያ ላይ ሽያጩ ይሞታል። ስለዚህ ቆጠራውን እናንተ ሥሩት። ሁለት ሰው ላኩ፤ ቅዳሜ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ይጀምሩ፣ እሑድ ይጨርሱ። የመድኃኒቶቹ ስም፣ ጥንካሬና የፓኬት አከፋፈል ከ11ዱ ደንበኞቻችሁ ልምድ ተዘጋጅቶ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይቀመጥ፤ የደንበኞቹን ዋጋና ሽያጭ ግን ወደ ሌላ ሱቅ በፍጹም እንዳታዛውሩ። የላካችሁት ሰው ብዛት፣ ባችና ቀን ብቻ ያስገባል። አሥረኛው ቆጠራ ከመጀመሪያው በጣም ይፈጥናል። ትልቁ ድርጅት ሰው ልኮ እሑድ ዕለት ስትሪፕ አይቆጥርም።

መድኃኒት ቤት ስል ደግሞ ሁሉንም ማለቴ አይደለም። የሆስፒታል ፋርማሲ የራሱ አሠራር አለው። የመንግሥት ተቋም የሚገዛው በጨረታ ነው፤ መድኃኒቱም በብዛት የሚመጣው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ የሪፖርት ፎርሙም የተለየ ነው። ጅምላ አከፋፋይም ሌላ ሥራ ነው። አምስትና ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ደግሞ ወዲያው የቅርንጫፍ ቁጥጥር ይጠይቃችኋል፤ ያ የተፎካካሪያችሁ ሜዳ ነው። እናንተ ባለቤቱ ራሱ ወይም አንድ ፋርማሲስት የቆመበትን፣ አንድ ሱቅ ብቻ ያለውን የግል መድኃኒት ቤት ያዙ።

አቀራረባችሁም መቀየር አለበት። «የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር» የሚለውን ከብሮሹራችሁ አውጡ። እንዲህ በሉ፦ «ለመድኃኒት ቤት ብቻ የተሠራ። በሦስት ወር ውስጥ የሚያበቃውን መድኃኒት ጠዋት ሲከፍቱ ያሳይዎታል።» ዴሞ ስታሳዩ የራሳችሁን ናሙና አታሳዩ። ከደንበኛው መደርደሪያ 20 ዕቃ አንሱ፣ እዚያው አስገቡ። ከዚያ «ከእነዚህ የትኛው ቀድሞ ያበቃል?» ብላችሁ ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሩ። ሌላው ሻጭ ሲመጣ ደንበኛው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ማወዳደሪያውን ቀየራችሁ ማለት ነው።

«ፔይሮል አላችሁ?» ሲባል በቀጥታ የለንም በሉ። «ሦስት ሠራተኛ ላለው ሱቅ አያስፈልግም ብለን አልሠራነውም፤ እሱ ዋናው ጉዳይዎ ከሆነ እነ እገሌ ይሻሉዎታል» በሏቸው። ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በተለይ የወር ኪራይ ሲደርስ። ግን «እየሠራነው ነው» ብላችሁ የሸጣችሁለት ደንበኛ በስድስተኛው ወር ቃላችሁን አለመጠበቃችሁን ያያል፤ ለሌሎች መድኃኒት ቤቶችም ይነግራቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማጥበብ ከመሠረታዊው ነገር አያድናችሁም። ደረሰኝ ከተፈቀደው የካሽ ሬጅስተር ማሽን ጋር በሥርዓቱ መውጣት አለበት። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ መሸጥ መቻል አለበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ የቀን ሒሳብ መዝጊያ ይኑር፤ የዳታ ቅጂ በራሱ ይቀመጥ። ከእነዚህ አንዱ ከተንገዳገደ የባች ቁጥጥሩ አያስጥላችሁም። የታክሱንም ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አንድ መድኃኒት ቤት ታክስ የማይጨመርበት መድኃኒትም፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ኮስሞቲክስም በአንድ ደረሰኝ ሊሸጥ ይችላል። ዕቃ በዕቃ መለየት አለበት፤ የትኛው የት እንደሚመደብም ከደንበኛው ሒሳብ ሠራተኛ ጋር አረጋግጡ እንጂ ራሳችሁ አትወስኑ።

ያሉትን 35 ሌሎች ደንበኞች አታባርሩ። የከፈሉበትን አገልግሎት ስጧቸው፣ ስህተት ሲኖር አስተካክሉ። አዲስ ፊቸር ግን አትሥሩላቸው፤ አዲስ ቡቲክም ሄዳችሁ አትፈልጉ። ራሱ ከመጣ ባለው ይግዛ።

ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። ለአዲስ መድኃኒት ቤቶች ዋጋውን ቆጠራውን ጨምሮ በዓመት 24,000 ብር አድርጉት፤ ለ11ዱም ሲያድሱ አስቀድማችሁ ነግራችሁ ወደዚያ አምጧቸው። 35ቱ ሁሉ ከቀሩ 630,000 ብር ያስገባሉ። ቀሪውን 2.07 ሚሊዮን ለመሸፈን 87 መድኃኒት ቤት ይበቃችኋል። ከ35ቱ 17 ብቻ ቢቀሩ 100 ያስፈልጋችኋል። በወር አራት አዲስ ብትይዙ ከ87ቱ ለመድረስ 19 ወር፣ ከ100ው ለመድረስ ሁለት ዓመት ሊጠጋ ነው። ስለዚህ መካከሉን የምትሻገሩበት ገንዘብ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። ከሌለ ከአራቱ አንዳችሁ ለጊዜው ሌላ ገቢ መፈለግ ይኖርበታል። ይህን ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ገበያው ይበቃል ወይ የሚለውንም በግምት አትለፉት። በከተማው ፈቃድ ያላቸውን መድኃኒት ቤቶች ዝርዝር ከተቆጣጣሪው ጠይቁ። ካላገኛችሁ በሦስት ወረዳ በእግራችሁ ዞራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ የመንግሥቱን፣ የሆስፒታሉንና ብዙ ቅርንጫፍ ያለውን ሰርዙ። በእኔ ልምድ አዲስ ሻጭ ከአሥር አንዱን ከያዘ ጥሩ ሠርቷል። የቀረው ዝርዝር ከ1,000 በታች ከሆነ አዲስ አበባ ብቻዋን አትበቃችሁም፤ አዳማን፣ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ጨምራችሁ አስቡ። እዚያ ስትሄዱ ግን የእሑዱ ቆጠራ የመንገድና የአልጋ ወጪ ይጨምራል፤ ዋጋው ውስጥ ይግባ።

ምርጫው መሳሳቱን እንዴት ታውቃላችሁ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 30 መድኃኒት ቤት ጎብኙ፤ እያንዳንዱ የጠየቀውን በራሱ አባባል ጻፉት። ከ30ው አብዛኞቹ ተመሳሳይ ሦስት አራት ነገር ከደጋገሙ ታዳሚው አንድ ነው። ቀጥሉ። እያንዳንዱ የየራሱን ከጠየቀ ገና አልጠበበም፤ ምናልባት ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ያለው መድኃኒት ቤትና ሰፈር ውስጥ ያለው ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ሆነው ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሁሉም «ጥሩ ነው» ብለው ማንም ካልከፈለ ደግሞ የማብቂያ ቀኑ ችግር እናንተ የገመታችሁትን ያህል አያስከፍላቸውም ማለት ነው። ከ11ዱ ነባር ደንበኞች ሦስቱን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ጊዜው ያለፈበት ያስወገዱት ዕቃ በብር ስንት ነበር? መልሱ ከ24,000 ብር ካነሰ ዋናው መሸጫችሁ የማብቂያ ቀን መሆኑ ይቀርና የስቶክ ልዩነቱ ይሁን፤ ብሮሹሩን በእሱ ጻፉት።

ነገ ጠዋት የፔይሮሉን ሐሳብ ተዉት። በዚህ ሳምንት 11ዱንም ሂዱና በአካል አነጋግሯቸው።